ፍሊፕ 6 ወይስ ሬዘር 50 አልትራ? ታጣፊ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ

ባለፈው ሳምንት ከአክስቴ ልጅ ጋር ያገለገለ ታጣፊ ስልክ ልናይ ሄደን ነበር። ስልኩን ገና ስትከፍተው ፊቷ ተለወጠ። «ውይ፣ ይሄ መሃሉ ተሰብሯል እንዴ?» አለች። አልተሰበረም። ያየችው እጥፋቱን ነው፤ እሱ እስካሁን በእጄ ባየኋቸው ታጣፊ ስልኮች ሁሉ ላይ አለ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። እጥፋቱ ላይ፣ ከስክሪኑ ጠርዝ አጠገብ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል አረፋ ነበረች። ስልኩን መልሰን ወጣን።

አሁን ሁለት ስልኮች መሃል ቆማለች፦ ሳምሰንግ ጋላክሲ ዚ ፍሊፕ 6 እና ሞቶሮላ ሬዘር 50 አልትራ። ሬዘሩ አሜሪካ ውስጥ ሬዘር ፕላስ 2024 ተብሎ ነው የሚሸጠው። ሁለቱም የ2024 ስልኮች ናቸው፤ ሁለቱም ለሁለት ታጥፈው ኪስ ውስጥ ይገባሉ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማጠፊያው ስንት ጊዜ ይችላል?» ብሎ ነው። ሳምሰንግ ለፍሊፕ ስልኮቹ ሲጠቅሰው የቆየው 200 ሺህ ጊዜ ነው። በቀን መቶ ጊዜ ብትከፍቱትና ብትዘጉት አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አያስጨንቃችሁ። ማጠፊያን የሚጎዳው አቧራ ነው።

እዚህ ላይ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ፍሊፕ 6 አይፒ 48 ነው፣ ሬዘሩ ደግሞ አይፒኤክስ 8። የመጨረሻዋ 8 የውኃ ናት፤ ሁለቱም ውኃ ውስጥ ቢወድቁ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቦታ የአቧራ ነው። የሬዘሩ ኤክስ ለአቧራ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። የፍሊፑ 4 ደግሞ ከ1 ሚሊሜትር የሚበልጥ ነገር አይገባም ማለት ነው። እንግዲህ የበጋን አቧራ አስቡት፤ እንደ ዱቄት የላመ ነው። 1 ሚሊሜትር አይሞላም። ፍሊፑ በወረቀት ይሻላል፣ ግን አቧራ አይፈራም ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። የግንባታ ቦታ ወይም ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው ሁለቱንም ቢተው ይሻለዋል።

በእጥፋት ሬዘሩ ያሸንፋል፣ ያውም በግልጽ። ስልኩ ሲዘጋ ስክሪኑ እንደ ወረቀት አይታጠፍም፤ ማጠፊያው ውስጥ እንደ ውኃ ጠብታ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ክቡ ሰፋ ሲል ስክሪኑ ላይ የሚቀረው ጎድጓዳ መስመር ይለዝባል። ሬዘሩን ከፍታችሁ ጣታችሁን ብታስኬዱበት መስመሩ ብዙም አይሰማም። ፍሊፑ ላይ ይሰማል፤ ስክሪኑ ጠፍቶ መብራት ሲያርፍበትም ይታያል። ደግነቱ ስክሪኑ በርቶ ፊት ለፊት ስታዩት ዓይን ቶሎ ይለምደዋል። ፊልም በስልክ አብዝቶ የሚያይ ሰው ግን ልዩነቱን ይወደዋል።

ታዲያ ለጀማሪ የቱ? እኔ ለአክስቴ ልጅ ፍሊፕ 6ን መርጬላታለሁ። ሳምሰንግ ለዚህ ስልክ የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብቷል፤ ሞቶሮላ ለሬዘሩ የገባው ሦስት የአንድሮይድ እድሳትና አራት ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ እኛ አገር ሳምሰንግ የለመደ ጠጋኝ ማግኘት ይቀላል፤ ለሞቶሮላ ብዙ መዞር አለ። የውስጠኛው ስክሪን ከተበላሸ ወጪው ከባድ ስለሆነ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ውጭ አገር ለሚኖርና ዋስትና ያለው አዲስ ስልክ ለሚገዛ ሰው ግን ሬዘሩን ሳላመነታ እመክራለሁ። የውጭ ስክሪኑም 4 ኢንች ነው፤ የፍሊፑ 3.4። ለአጭር መልእክት ሁሉ ስልኩን መክፈት አይጠበቅባችሁም።

አሁን ወደ አረፋዋ ልመለስ። በሁለቱም ስልኮች የውስጥ ስክሪን ላይ ከፋብሪካ የተለጠፈ ስስ ላስቲክ አለ። ተራ ፕሮቴክተር ይመስላል፣ ግን የስክሪኑ አካል አድርጋችሁ ቁጠሩት። በ2019 የመጀመሪያው ጋላክሲ ፎልድ ለሙከራ ሲሰጥ አንዳንድ ጋዜጠኞች ላስቲኩን ላጡት፤ ስክሪኑ ተበላሸ። በሌሎቹ ደግሞ ቆሻሻ ከስክሪኑ ሥር ገባ። ሽያጩም ከሚያዝያ ወደ መስከረም ተገፋ። ላስቲኩ ከጊዜ ብዛት እጥፋቱ ላይ መላቀቅ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚታየውም ያቺ አረፋ ናት። እየሰፋች ስትሄድ አቧራ ትሰበስባለች። የራሳችሁ ስልክ ላይ ካያችኋት በጥፍር አትንኳት፤ ላስቲኩን በሥርዓቱ የሚቀይር የአገልግሎት ማዕከል ውሰዱት።

ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ስክሪኑን አጥፉና ወደ መስኮት አዘንብላችሁ እዩት። አረፋ፣ ጥቁር ነጥብ ወይም የተላጠ ጠርዝ ካለ ተዉት። ቀጥሎ ጆሯችሁ ሥር ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ዝጉት። አሸዋ የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ አቧራው ገብቷል። በግማሽ ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የላይኛው ግማሽ ራሱን መያዝ አቅቶት ከወደቀ ማጠፊያው ላልቷል። በመጨረሻ አንድ አፕ አይኮን ይዛችሁ በእጥፋቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ጎትቱት። መሃል ላይ ጣታችሁን ከለቀቀ፣ ሻጩ የፈለገውን ያህል ዋጋ ቢቀንስም አትውሰዱት።