2400 ካሬ ላይ 154 አቮካዶ አይገባም፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት

በአዲስ አበባ ዙሪያ ትንሽ መሬት ኖሯችሁ አቮካዶ ልትተክሉበት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። «በሶስት ማዕዘን እንተክላለን፣ ብዙ ዛፍ ይገባል» የሚል የችግኝ ሻጭ ሲመጣባችሁ ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ልንገራችሁ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ይህን ሳናውቅ 23,100 ብር ቀብድ ከፍለናል።

መሬቱ ሰበታ በኩል ነው። የቤተሰብ መሬት ነው። ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ስፋቱ 40 ሜትር፣ በጠቅላላው 2400 ካሬ። የተዳቀለ ሃስ አቮካዶ ልንተክልበት ተስማማንና በሰው በሰው አንድ ሻጭ አገኘን። መጥቶ ቦታውን አየልን። ሰላምተኛ ሰው ነው፣ አነጋገሩም የባለሙያ ነው። «በአራት ማዕዘን ስትተክሉ ቦታ ይባክናል። በሶስት ማዕዘን ከሆነ እጥፍ ይገባላችኋል» አለን። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ሂሳቡን ፊት ለፊታችን ሰራው። በዛፍና በዛፍ መሃል 6 ሜትር። ጎኖቹ 6፣ 6 የሆነ ሶስት ማዕዘን 15.6 ካሬ ይይዛል። 2400 ለ15.6 ሲካፈል 154 ይመጣል። አንዱ ችግኝ በ300 ብር፣ ድምሩ 46,200 ብር። ግማሹን ሰጠነው።

ደግነቱ ችግኙ ከመምጣቱ በፊት ጉድጓዱን ለማስቆፈር ወሰንን። ቅዳሜ ጠዋት ገመድ፣ ሜትርና አንድ ሸክም ችካል ይዘን ሄድን። የሚቆፍርልን ልጅ ከአጥሩ 4 ሜትር እየለቀቀ የመጀመሪያውን ረድፍ ቸከለ። ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ሶስተኛውን። 154 ችካል አዘጋጅተን ነበር። ሰባተኛው ረድፍ ሲያልቅ ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ቦታው አለቀ» አለኝ። ከኋላው ያለውን ክምር አየሁት። ከተቸከለው ያልተቸከለው ይበልጣል። ቆጠርን። መሬት ላይ ያሉት 63 ናቸው። 91 ችካል ተርፏል።

መጀመሪያ የተሳሳትነው እኛ መስሎን እንደገና ለካን። ርቀቱ ልክ ነው። ማታ ቤት ገብተን ወንድሜ የሰውዬውን ወረቀት ዘርግቶ ሲያየው ነገሩ ተገለጠለት።

የሶስት ማዕዘኑ ስፋት በእርግጥ 15.6 ካሬ ነው፤ እዚያ ላይ አልዋሸም። ማካፈሉም ልክ ነው። የተበላነው «ለአንድ ዛፍ አንድ ሶስት ማዕዘን» በሚለው ላይ ነው። ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ዛፍ በነጠብጣብ አድርጋችሁ በመስመር አገናኟቸው። አንዱን መሃል ላይ ያለ ነጠብጣብ ያዙና በዙሪያው ስንት ሶስት ማዕዘን እንዳለ ቁጠሩ። ስድስት ነው። ግን እያንዳንዱ ሶስት ማዕዘን ሶስት ጫፍ ስላለው የሶስት ዛፎች የጋራ ነው። ስድስቱ ለሶስት ሲካፈል ሁለት ይመጣል። ስለዚህ ለአንድ ዛፍ የሚደርሰው ሁለት ሶስት ማዕዘን፣ ማለትም 31.2 ካሬ ነው። ሰውዬው በግማሹ ስላካፈለ ዛፉን እጥፍ አደረገው።

በሶስት ማዕዘን መትከል ራሱ ማታለያ ነው እያልኩ አይደለም። ጥሩ ዘዴ ነው። በዚያው መሬት ላይ በ6 ሜትር በአራት ማዕዘን ብንተክል በአንድ ረድፍ 9 ዛፍ፣ በ6 ረድፍ 54 ይገባ ነበር። በሶስት ማዕዘን 63 ገባልን። ዘጠኝ ዛፍ ጨመረልን ማለት ነው። በሰፊ መሬት ላይ ጥቅሙ ከመቶ 15 ገደማ ነው፤ በትንሽ መሬት እንደ ቅርጹ ከፍም ዝቅም ይላል። እጥፍ የሚል ካጋጠማችሁ ግን ወረቀቱን መልሱለት።

ሰኞ ሄድን። ሰውዬው አልተከራከረም። «ልክ ናችሁ፣ ተሳስቻለሁ» አለና 154ን ለሁለት ከፍሎ 77 አደረገልን። እዚህ ላይ ነው በደንብ እንድታዳምጡኝ የምፈልገው። ብዙ ሰው ግማሹ ሲቀነስለት ደስ ብሎት ይመለሳል። 77ም ግን አይገባም።

77 የመጣው 2400ን ለ31.2 በማካፈል ነው። ይህ ስሌት መሬቱን በሙሉ እስከ አጥሩ ድረስ ለዛፍ ይሰጣል፣ የሚለቀቀውን ጠርዝ አያውቅም። እኛ በአራቱም በኩል 4 ሜትር ለቀናል። ምክንያቱም 6 ሜትር ተራርቆ የሚተከል አቮካዶ ሲያድግ ቅርንጫፉ ከግንዱ ወደ 3 ሜትር ይሄዳል ተብሎ ነው የሚታሰበው። 3 ሜትር ብቻ ከለቀቃችሁ ቅርንጫፉ አጥሩ ላይ ይደርሳል። አንድ ሜትር የጨመርነው ሰው ዞሮ እንዲለቅም፣ እንዲገርዝና ውሃ እንዲያጠጣ ነው። ጠርዝ ሳትለቁ ብትተክሉ ፍሬው በጎረቤት ግቢ ይወድቃል፣ ከጎረቤት ጋርም ጭቅጭቅ ትገባላችሁ።

ወንድሜ ደግሞ በተቃራኒው ተሳሳተ። ጠርዙን ቀንሶ የቀረውን 52 በ32 ሜትር አባዛና 1664 ካሬ አገኘ። ያንን ለ31.2 ሲያካፍለው 53 መጣለት። 63 ተቸክሎ በዓይኑ እያየ ወረቀቱ 53 ይለዋል! የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው። ዳር ላይ ያሉት ዛፎች ድርሻቸውን በከፊል የሚያገኙት ከተለቀቀው ጠርዝ ነው፤ ጠርዙን ቆርጣችሁ ስትጥሉ የእነሱም ድርሻ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በትንሽ መሬት ላይ ካሬውን ማካፈል ወደ ላይም ወደ ታችም ያሳስታል። የሚያዋጣው ረድፍ በረድፍ መቁጠር ነው።

አቆጣጠሩ ይኸውላችሁ። ጠርዙ ተቀንሶ ርዝመቱ 52 ሜትር ነው። 52 ለ6 ሲካፈል 8 ሙሉ ክፍተት ይወጣል። ስምንት ክፍተት ካለ ዛፉ 9 ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ጨምሩ። ሁለተኛው ረድፍ 3 ሜትር ገባ ብሎ ይጀምራል። 52 ላይ 8 ክፍተት 48 ሜትር ይወስዳል፣ 4 ሜትር ይተርፋል። የተረፈው ከ3 ሜትር ስለሚበልጥ ሁለተኛውም ረድፍ 9 ይይዛል። የተረፈው ከ3 ቢያንስ ኖሮ 8 ብቻ ይገባ ነበር። አሁን ረድፎቹን ቁጠሩ። በረድፍና በረድፍ መሃል ያለው ርቀት 6 ሜትር አይደለም፣ 6 ሲባዛ በ0.866 ነው፤ ወደ 5 ሜትር ከ20 ሳንቲም። ስፋቱ 32 ሜትር ስለሆነ 6 ክፍተት፣ 7 ረድፍ ይወጣል። 7 ጊዜ 9፣ 63። ቅዳሜ የቸከልነው ይኸው ነው።

ረድፉን በሌላው በኩል፣ በአጭሩ ጎን ብናስኬደውስ ብለን ሞክረናል። በ32 ሜትሩ አንዱ ረድፍ 6 ይይዛል፣ የሚተርፈው 2 ሜትር ስለሆነ ቀጣዩ 5 ብቻ። 11 ረድፍ ይወጣል፣ ድምሩ 61። በሁለቱም አቅጣጫ መቁጠር ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ለእኛ የሁለት ዛፍ ልዩነት ነበረው።

መሬታችሁ እንደ ብዙው የዳር አገር መሬት የተንጋደደ ከሆነ የእያንዳንዱን ረድፍ ርዝመት ለየብቻ ለክታችሁ ቁጠሩ። ጎረቤታችሁ አጥሩ ጥግ ባህር ዛፍ ካለው ደግሞ በዚያ በኩል 4 ሜትር አይበቃም፤ ሥሩ ውሃውን ይሻማል፣ ጥላውም ይመጣል። እኛ ጋ የለም። በአንዱ ረጅም ጎን ባህር ዛፍ ኖሮ 10 ሜትር ብንለቅ ኖሮ ግን አንድ ረድፍ ጠፍቶ 54 ይቀርልን ነበር።

«ችግኙ አንዴ ተገዝቷል፣ ቀረብ ቀረብ አድርጌ ልትከለው» የሚል ሐሳብ እንዳይመጣባችሁ። እኛንም ሰውዬው እንደዚያ ብሎናል። እዚያው ጠርዝ ውስጥ፣ ረድፉን በረጅሙ ጎን እያስኬድን ርቀቱን ወደ 4 ሜትር ብናወርደው እንኳ 135 ነው የሚገባው፣ 154 አይሞላም። እንደዚያ የተጠጋጋ አቮካዶ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቅርንጫፉ ይጠላለፋል። የታችኛው ቅርንጫፍ ብርሃን አጥቶ ይደርቃል፣ ፍሬው ጫፍ ላይ ብቻ ይሆናል። ያኔ ያሳደጋችሁትን ዛፍ በመጋዝ መቁረጥ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ስትቸክሉ ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ቸካይ ሁለተኛውን ረድፍ 3 ሜትር ገባ ያደርገውና በረድፎቹ መሃል ግን 6 ሜትር ይተዋል። ከላይ ሲያዩት ሶስት ማዕዘን ይመስላል፣ ግን ጎኑ 6 ሜትር ከ70 ነው። የሚወጣው 6 ረድፍ ብቻ ስለሆነ ያገኛችሁት ጥቅም በሙሉ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት የ6 ሜትር ገመድ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ችካሎች ላይ እሰሩና ሁለቱንም ወጥራችሁ ጫፎቻቸው የሚገናኙበት ላይ ቀጣዩን ረድፍ ቸክሉ። ሲያልቅ መሃል ላይ ያለ አንድ ችካል ምረጡና ወደ ስድስቱ ጎረቤቶቹ ለኩ። ስድስቱም 6 ሜትር ካልሆኑ አስተካክሉት።

ሻጭ ስታናግሩ ብዛቱን ብቻ አትቀበሉ። ከአጥር ስንት ሜትር እንደተለቀቀ፣ በረድፍ መሃል ስንት ሜትር እንዳለ፣ ስንት ረድፍ እንደሆነና በእያንዳንዱ ረድፍ ስንት ዛፍ እንዳለ በጽሁፍ ይስጣችሁ። ቀብዱን የምትከፍሉት እነዚህ ከተጻፉና እናንተም መሬቱ ላይ ቸክላችሁ ካያችሁ በኋላ ይሁን። ወረቀቱ ላይ ካሬውን ለ15.6 ያካፈለ ካያችሁ ወይም ጠርዝ የሚል ቃል ጭራሽ ከሌለ ቁጭ ብላችሁ እንደገና ቁጠሩ።

እኛ በመጨረሻ 63ቱንና የሚደርቅ ቢኖር መተኪያ 5 ጨምረን 68 ችግኝ ወሰድን፣ 20,400 ብር። ከቀብዱ 2,700 ብር ይመለስልናል ተባባልን። ሦስት ጊዜ ደውለናል፣ እስካሁን አልመለሰም።