የሆልድ ሪፖርት ሳታዩ ገንዘብ እንዳትለቁ

ዝግጁ የኤፍፒጂኤ ብሎክ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔን የበላችኝን ነገር ልንገራችሁ። «በ200 ሜጋኸርዝ ታይሚንጉ አልፏል» ተብሎ፣ ፕሌስመንቱና ራውቲንጉ ተቆልፎ የመጣ ብሎክ ገዛን። ሪፖርቱም አብሮ መጣ፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ቦርዱ ላይ ስንጭነው ግን አንዲት ቢት አልፎ አልፎ ትሳሳታለች።

እኔም እንደ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ ክሎኩን ቀነስኩ። በ100 ተሳሳተ፣ በ10 ሜጋኸርዝም ተሳሳተ። ያኔ ነው የነቃሁት። ችግሩ ሰትአፕ፣ ማለትም ዳታው ከክሎኩ ምት በፊት በጊዜ አለመድረሱ ቢሆን ኖሮ ፔሬዱ ሲረዝም ይድን ነበር፤ ሆልድ፣ ማለትም አሮጌው ዳታ ከምቱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሳይለወጥ መቆየቱ ግን ከፔሬዱ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ሎጂክ አናላይዘር ሳስገባ ደግሞ ቢቷ አልዘገየችም፤ ይልቁንም አንድ ሳይክል ቀድማ ትደርሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሬጅስተር ሀ ወደ ሬጅስተር ለ የሚሄደው ረጅሙ መንገድ ከሬጅስተሩ መውጫ 0.4፣ ሎጂኩ 4.6፣ ሰትአፑ 0.2 ናኖሰከንድ ይፈጃል፤ ድምሩ 5.2 ነው። ፔሬዱ 5 ስለሆነ 0.2 ይጎድላል። ሻጮቹ ሎጂኩን ከመከፋፈል ይልቅ የሬጅስተር ለን ክሎክ በሎጂክ ሴል አሳልፈው 0.5 አዘገዩት። ያቺ ስኪው፣ ማለትም ክሎኩ ሁለቱ ሬጅስተሮች ጋ የሚደርስበት ጊዜ ልዩነት፣ መንገዱን አዳነችው፤ 0.3 ተረፈ።

ማዘግየቱ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ አውቀው የሚሠሩት ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ሬጅስተር ለ ጎረቤቱ ከሆነው ሬጅስተር መ በቀጥታ ሽቦም ይቀበላል። በዚያ በኩል ዳታው 0.4 ሲደመር 0.1፣ ማለትም በ0.5 ይደርሳል። ለ ግን ክሎኩን የሚያየው ገና በ0.5 ነው፤ ከዚያም በኋላ አሮጌው ዳታ 0.1 ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። አዲሱ ዳታ ከ0.6 በፊት መድረስ አልነበረበትም፤ 0.1 ቀደመ። ለ በዚያው የክሎክ ምት አዲሱን ዋጋ ይዞ ቁጭ።

የላኩልን ሪፖርት የሰትአፕ ብቻ ነበር። በፈጣኑ ኮርነር፣ ማለትም ቺፑ በጣም ፈጥኖ በሚሠራበት ሁኔታ፣ የአጭሩን መንገድ ቼክ ብናስደርግ ኖሮ ከመክፈላችን በፊት እናየው ነበር፦

```
report_timing -delay_type min
```

ስላኩ፣ ማለትም የሚተርፈው ጊዜ፣ ከዜሮ በታች ከሆነ አትቀበሉ። ክሎክ ስኪው የሚለውንም መስመር ተመልከቱ፤ በጎረቤት ሬጅስተሮች መካከል ትልቅ ቁጥር ካያችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ክሎኩ በተመደበለት መስመር ሳይሆን በሎጂክ ሴል ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ፣ መልሱ እዚያው ነው።

መውጫ ነበረው እኮ! ማዘግየቱን 0.25 ብቻ ቢያደርጉት ሰትአፑ በ0.05፣ ሆልዱም በ0.15 ያልፍ ነበር። ጠባብ ነው፣ ግን ሁለቱም ያልፋሉ። ወይም ከመ ወደ ለ የሚሄደውን ሽቦ ማስረዘም ይቻል ነበር። ራውቲንጉ ስለተቆለፈ እኛ አንዱንም መንካት አልቻልንም፤ ሻጮቹ ደግሞ «ክሎኩን ቀንሱ» የሚል መልስ ላኩልን።