ዩሪያዬን በከንቱ ከመበተን ያዳነኝ ልጅ

ሰላም ወገኖች። እዚህ ብዙ ጊዜ ብቅ የምለው ስማረር ነው፤ ዛሬ ግን ላመሰግን ነው። መርዓዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ የቲማቲም ማሳ አለኝ። ትልቅ አይደለም፣ ሩብ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ዘንድሮ ፍሬ በያዘበት ሰዓት ቢጫ ሆነብኝና እንቅልፍ አጣሁ። ከጭንቀቱ ያወጣኝ በግሉ እየዞረ ማሳ የሚያይ አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ነው። ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልበትንም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲማቲሙ የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ሲይዝ ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀመሩ። በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ወደ አንድ የግብዓት መሸጫ ሄድኩ። ሰውየው ፎቶውን በቅጡ ሳያይ «ከታች ከጀመረ ናይትሮጅን ነው፣ ዩሪያ ጨምርበት» አለኝ። ጨመርኩ። በአስር ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ! ላዩ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ለመለመ፣ ከታች ያለው ቢጫ ግን ቅጠል በቅጠል ወደ ላይ መውጣቱን አላቆመም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ናይትሮጅን የራበው ተክል አናቱ እንዲያ አይለመልምም። እኔ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ዩሪያ ልገዛ ነበር።

ጎረቤቴ ነው «እስኪ ይሄ ልጅ ይየው» ያለኝ። (ሁለት ቀን ዘግይቶ መጣ፣ ይህንንም ልናገር፤ ቀጠሮ ላይ ጎበዝ አይደለም።) እንደመጣ የጠየቀኝ ምን ያህል ቢጫ እንደሆነ ሳይሆን የትኛው ቅጠል እንደቀደመ ነው። የታችኛው አልኩት። «እሺ ጋሼ፣ ይሄ መልሱን ግማሽ ያደርሰናል» አለና ገባ።

ለምን ግማሽ እንደሆነ ቆሞ አስረዳኝ። ናይትሮጅንም ማግኒዥየምም ተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ መሄድ የሚችሉ ናቸው። ሲጎድሉ ተክሉ ካረጁት ቅጠሎች እየነጠቀ ለአዲሱ እምቡጥና ለፍሬው ይሰጣል፤ እናት ከራሷ ጉሮሮ ነጥቃ ለልጇ እንደምትሰጠው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም የሚታዩት ከታች ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ይህን ግማሽ ያውቃል፣ ሌላውን ግማሽ ግን አያውቅም። እንደ ብረት ያለው ንጥረ ነገር ደግሞ እንዲህ አይጓዝም፤ እሱ ሲጎድል አሮጌው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ የሚገረጣው የአናቱ ለጋ ቅጠል ነው። እና «ከታች ነው ከላይ?» የሚለው ጥያቄ ብረትን ያወጣልናል፣ ናይትሮጅንንና ማግኒዥየምን ግን አይለይም።

የሚለየው የቢጫው አሳሳል ነው። ልጁ ከአንድ ተክል ሦስት ቅጠል ቀጠፈ፤ አንዱን ከታች፣ አንዱን ከመሃል፣ አንዱን ከላይ። እኔ በጣም የተጎዳውን፣ ጫፉ የደረቀውን የታችኛውን ላሳየው ስሞክር ወደ ጎን አደረገው። ያተኮረው መሃለኛው ላይ ነው፣ ገና መገርጣት የጀመረው። ቅጠሉን ከፀሐይ ጋር አድርጎ ያዘውና «ደም ስሩን እይ» አለኝ። አየሁት። መሃል ለመሃል የሚሄደው ወፍራሙ ደም ስርና ወደ ጎን የሚበተኑት ቀጫጭኖቹ አረንጓዴ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ስጋ ግን ቢጫ። ልክ የዓሣ አጥንት በአረንጓዴ ቀለም የተሳለ ይመስላል። ይሄ ማግኒዥየም ነው አለኝ። ማግኒዥየም ሲጎድል በደም ስሮቹ መካከል ያለው ክፍል ቀድሞ ይገረጣል፣ ደም ስሩን የተጠጋው ግን አረንጓዴነቱን መጨረሻ ላይ ነው የሚለቀው።

የታችኛውን የጣለው ለምን እንደሆነ ስጠይቀው የነገረኝ ነገር ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። ማግኒዥየም የጎደለው ቅጠል ሲቆይ ደም ስሩም ጭምር ቢጫ ይሆናል፣ ቡናማ ነጥብ ያወጣል፣ ይደርቃል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ከናይትሮጅን እጥረት መለየት ከባድ ነው። የእኔ ፎቶ የዚያ ቅጠል ፎቶ ነበር! ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው በጣም የከፋውን ነው፣ የሚናገረው ግን አሁን መታመም የጀመረው ነው።

ከዚያ የማሳውን ጥግ ሲያይ ፈገግ አለ። ዩሪያው አልቆብኝ ያልደረሳቸው ሦስት መስመሮች አሉ። እነሱም ከታች ቢጫ ናቸው፣ እኔ አንድ አድርጌ ነበር የማያቸው። ቅጠላቸውን ወደ ፀሐይ ሲያነሳው ግን የዓሣ አጥንት የለም። ደም ስሩም ስጋውም እኩል ገርጥቷል፣ ውሃ የበዛበት ቀለም እንደተቀባ። ግንዳቸው ቀጭን ነው፣ ፍሬያቸው ጥቂት፣ የአናታቸው ቅጠልም ፈዛዛ እንጂ ጥቁር አረንጓዴ አይደለም። ናይትሮጅን ሲጎድል መላው ተክል ነው የሚገረጣውና የሚቀጭጨው፤ የታችኛው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ይሆናል እንጂ ላዩም ጤነኛ አይመስልም። አጥሩ ጋ ያለችውን በቆሎዬንም አሳየኝ፤ ዩሪያዋን ለቲማቲሙ ነጥቄያት ነበር። የታችኛው ቅጠሏ ከጫፉ ጀምሮ መሃለኛውን ደም ስር ይዞ ወደ ውስጥ እየሾለ ቢጫ ሆኗል፣ ዳር ዳሩ ግን አረንጓዴ ነው። በበቆሎ ላይ የናይትሮጅን እጥረት ምልክቱ ይሄ ሹል ቢጫ ነው። ማግኒዥየም ቢሆን ኖሮ ቅጠሏ በቁመቱ ቢጫና አረንጓዴ መስመር መስመር ሠርቶ ይታይ ነበር።

በአንድ ማሳ ሁለቱም በሽታ፣ ሐኪሙ ግን ለሁሉም አንድ መርፌ!

«ታዲያ ማግኒዥየሙ የት ሄደ?» አልኩት። ቀይ አፈራችን አሲዳማ ነው፤ ዝናብ ብዙ ማግኒዥየም አጥቦበታል። በዚያ ላይ እኔ ፍሬው እንዲወፍር ብዬ በየሳምንቱ ፖታሽ የበዛበት ማዳበሪያ ከውሃ ጋር አጠጣ ነበር። ፖታሲየም ሲበዛ ማግኒዥየም በሥሩ እንዳይገባ ይጋፋዋል። ከዩሪያ የሚወጣው አሞኒየምም እንዲሁ ይጋፋል። ማለትም መድኃኒት ብዬ የጨመርኩት ራሱ እያባባሰብኝ ነበር፤ አናቱ ሲለመልም ደግሞ አዲሱ ቅጠል ከታችኛው የበለጠ ማግኒዥየም መጠየቅ ጀመረ። ይህን ሲነግረኝ ትንሽ አፍሬ ዝም አልኩ።

ልጁን የወደድኩት ግን ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው። በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ አልሄደም። «እንፈትነው» አለ። ማግኒዥየም ሰልፌት ገዛሁ፣ ኤፕሰም ሶልት የሚሉትን። በጀርባ በሚታዘለው 15 ሊትር መርጫ 150 ግራም በደንብ አሟሟን፤ በሊትር 10 ግራም መሆኑ ነው። ፀሐይ ሲበርድ፣ 11 ሰዓት አካባቢ፣ የቅጠሉን ታችኛውን ገጽም እንዲነካ አድርገን አራት መስመር ረጨን። አጠገባቸው ያሉትን ሁለት መስመሮች ሆን ብለን ተውናቸው። ለሦስቱ ገርጣታ መስመሮች ደግሞ ዩሪያ ከግንዱ ራቅ አድርገን ሰጥተን አፈር አለበስናቸውና አጠጣናቸው። ፖታሹን አስቆመኝ። ከስምንት ቀን በኋላ ማግኒዥየሙን ደገምነው።

«የተበላሸው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል ብለህ አትጠብቅ፣ ቢጫው የደረሰበትን ቅጠል በክር ምልክት አድርግበት» ብሎኝ ነበር። አደረግሁ። ባይለኝ ኖሮ በአምስተኛው ቀን የታችኛውን አይቼ «አልሠራም» ብዬ እተወው ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ በተረጩት መስመሮች ቢጫው ክሩ ላይ ቆመ። ባልተረጩት ሁለቱ መስመሮች ክሩን አልፎ ሁለት ቅጠል ወጣ። ዩሪያ የደረሳቸው ሦስቱ መስመሮች ደግሞ በሳምንቱ አናታቸው ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ቀሪውን ማሳ በሙሉ ማግኒዥየም ረጨሁ።

እርጭቱ ለዚህ ወቅት ብቻ ነው፣ ይህንንም አልደበቀኝም። ለከርሞ አፈሩን አስመርምሬ አሲዳማነቱ ከተረጋገጠ ማግኒዥየም ያለበትን ኖራ፣ ዶሎማይት የሚሉትን፣ ከተከላ በፊት ማስገባት አለብኝ። ተራው ኖራ አሲዱን ያስተካክላል እንጂ ማግኒዥየም እምብዛም አይሰጥም።

ደግሞ ከታች ቢጫ የሆነ ሁሉ ረሃብ አይደለም ብሎኛል። ጥላ ውስጥ ያሉ አንድ ሁለት የታችኛ ቅጠሎች ዕድሜያቸው ደርሶ ነው የሚወድቁት፣ አያስደነግጥም። ቀለበት ቀለበት ያለው ቡናማ ጠባሳ ካለ የፈንገስ በሽታ ነው። ቅጠሉን ገልብጠህ ድርና ደቃቅ ተንቀሳቃሽ ነጥብ ካየህ ቀይ ሸረሪት የሚሉት ተባይ ነው። አናቱ ቢጫ ሆኖ ወደ ላይ ከተጠቀለለና ተክሉ ከቀጨጨ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ማዳበሪያም እርጭትም አይረዳም።

ገንዘብ በተመለከተ፦ የመጀመሪያውን ቀን የመምጫ ትራንስፖርት ብቻ ወሰደ፣ የቀረውን ውጤቱን ካየሁ በኋላ ከፈልኩት። ምንም ዕቃ አይሸጥም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የሚሸጥ ሰው በሽታውን የሚያገኘው መደርደሪያው ላይ ባለው ዕቃ ልክ ነው።

በአካባቢያችን ያላችሁ ልትጠሩት ከፈለጋችሁ ቅዳሜ አትደውሉ፣ ገበያ ነው፣ አያነሳም። ራቅ ያላችሁ ፎቶ ላኩለት፤ ግን የአንድ ተክል ሦስት ቅጠል ይሁን፣ ከታች፣ ከመሃልና ከላይ፣ ብርሃኑ ከጀርባቸው እንዲመጣ አድርጋችሁ። የደረቀውን ብቻ ከላካችሁለት «መሃለኛውን ላክልኝ» ብሎ ነው የሚመልስላችሁ።