ለካርቱናችን የቱ ይሻላል፣ የፎቶግራፈሩ ወይስ የስልኩ ፎቶ?

ሰላም ወንድሜ፣ አንተ የምትስልልን የሰርጋችን ካርቱን ነገር ነው። ሁለቱን ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፋይል ልኬልሃለሁ፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል።

መልክ፦
የፎቶግራፈሩ፦ ራቅ ብሎ ስላነሳን የፊታችን ልክ ትክክል ነው፣ ግን ፍላሹ ጥላውን አጥፍቶት የባለቤቴ አፍንጫ ጠፍጣፋ መስሏል፣ እሷም አፏን ገጥማ እንደ ፓስፖርት ፎቶ ቀጥ ብላለች።
የስልኩ፦ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንስቅ ጓደኛችን ተጠግቶ ያነሳው ነው። ፍንጭቷ ይታያል፣ ስትስቅ ግራ ዓይኗ ከቀኙ ይበልጥ ይጠባል፣ እሷን የሚያስመስላት ይሄ ነው (ፍንጭቷን ከደፈንካት ቤት አልገባም)። ችግሩ ስልክ በጣም ሲጠጋ አፍንጫ ያገዝፋል ጆሮ ይደብቃል፣ እና እኔ እዛ ላይ አፍንጫ ብቻ ነኝ፣ አንተ ደግሞ ያንኑ ካጋነንከው ሌላ ሰው ይወጣል።

ልብስና ዋጋ፦
የፎቶግራፈሩ፦ ካባውም የቀሚሷ ጥለትም ጥርት ብሏል፣ ግን ሙሉ ቁመት ስለሆነ ስራውም ሂሳቡም ይበዛል።
የስልኩ፦ እስከ ትከሻ ብቻ፣ ቶሎ ያልቃል።

ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፕሪንት ከሆነ የፎቶግራፈሩን ተከተልና ሳቋን ብቻ ከስልኩ ውሰድ፣ ለፕሮፋይል ከሆነ የስልኩ ይበቃል፣ የኔን አፍንጫ ግን ከፎቶግራፈሩ እያየህ። ሁለቱንም ዋጋ ንገረኝና እንወስናለን። ብቻ ቀለም ሳትጀምር ስኬቹን ላክልኝ፣ በዓይኖቿ መሃል ያለው ርቀት ከተዛባ ያኔ ማስተካከሉ ቀላል ነው።