መኪና ስትሸጡ «ስክሪኑን እናጸዳለን» ለሚል አገልግሎት ገንዘብ አትክፈሉ

ባለፈው ወር መኪናዬን አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የመኪና መሸጫ በኩል ሸጥኩ። ከእጥበትና ከፖሊሽ ሌላ ለ«ስክሪን ማጽዳት»፣ ማለትም በመኪናው ስክሪን ላይ የቀረውን የግል መረጃዬን ለማጥፋት፣ 2,500 ብር አስከፈሉኝ። ሠራተኛው የስልኬን ስም ከብሉቱዝ ዝርዝር ላይ ሰረዘና «አለቀ» አለኝ። እኔም አምኜው ወደ ውልና ማስረጃ ሄድኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ገዢው ደወለልኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ካርታውን ስከፍት የእርስዎ ቤትና የልጅዎ ትምህርት ቤት ይታያል። የሰዎችዎም ስልክ ቁጥር በሙሉ አለ» አለኝ። ከሽያጩ በኋላ የመዘገብኩት የሐኪም ቁጥር ሳይቀር እዚያ ነበር! ደግነቱ ገዢው ጨዋ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየሱቁ የሚገጠሙት የአንድሮይድ ስክሪኖች እንደ ታብሌት ናቸው። ካርታ ለመጠቀም በጎግል አካውንት ከገባችሁ፣ ብሉቱዙን መሰረዝ አካውንቱን አይነካውም። ገዢው ስክሪኑን ከኢንተርኔት ባገናኘ ቁጥር በስልካችሁ የጨመራችሁት አዲስ ቁጥር ወደዚያ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት ራሳችሁ አድርጉት። መጀመሪያ Settings ውስጥ ገብታችሁ አካውንቱን አስወግዱ። ቀጥሎ Erase all data (factory reset) የሚለውን ፈልጋችሁ ምረጡ፤ ቦታው ከስክሪን ስክሪን ይለያያል። እስኪጨርስ መኪናውን አታጥፉ። ሲነሳ ካርታውን ክፈቱ፤ የቤታችሁ አድራሻ ሊኖር አይገባም። የብሉቱዝ ዝርዝሩም ባዶ መሆን አለበት። ፋብሪካው ራሱ የገጠመው ስክሪን ከሆነ ተመሳሳይ ትእዛዝ አለው፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ Setup ከዚያም General ውስጥ Delete Personal Data ይላል።

ሠራተኞቹ ይህን የማያደርጉበት ምክንያት አለ። በአንዳንድ ስክሪኖች ላይ ሁሉም ሲጠፋ የመሪው ቁልፎችና የኋላ ካሜራው እንደገና መስተካከል አለባቸው፤ ያ ደግሞ ሰዓት ይፈጃል። ካሜራው ቢበላሽ ገዢው ይቆጣል፣ የሻጩ አድራሻ ቢቀር ግን ማንም አያይም። ስለዚህ የሚታየውን ብቻ ሰርዘው ገንዘቡን ይቀበላሉ።

መኪናውን አስቀድማችሁ የሸጣችሁ ካላችሁ፣ በስልካችሁ የጎግል አካውንታችሁን ክፈቱና Your devices ከሚለው ዝርዝር ስክሪኑን አግኝታችሁ አስወጡት። እኔም ያደረግኩት ይህንን ነው። ነገር ግን በብሉቱዝ ከስልኬ ተገልብጦ ስክሪኑ ላይ የቀረውን የስልክ ቁጥሮች ማውጫ ከርቀት ማጥፋት አይቻልም። ገዢውን ለምኜ፣ በስልክ እየመራሁት እሱ ራሱ አጠፋልኝ። መሸጫው 2,500 ብሬን እስካሁን አልመለሰልኝም።