«160 ፍሬ» የሚባለውን የጊር መጫወቻ ሳታስከፍቱ እንዳትከፍሉ

የስድስት ዓመት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ቴሌግራም ላይ «160 ፍሬ የጊር መጫወቻ» እየተባለ ከሚሸጠው ካርቶን ተጠንቀቁ። እኅቴ ለልጇ በ2,800 ብር ገዛችው። ገንዘቡን አስቀድማ ነው የላከችው። ፎቶው ላይ ያለው ግድግዳ የሚያህል፣ ሁሉ ነገሩ የሚሽከረከር ግንባታ ነው። የመጣው ሌላ ነው።

የሚገርመው ቁጥሩ ውሸት አይደለም። አንድ በአንድ ቆጠርነው። ጊሩ 18 ብቻ ነው። ጊሩ የሚተከልበት ሰሌዳ 6፣ ዘንግ 34፣ ጥፍር የሚያክሉ ማያያዣዎች 58። የቀረው 44 ስቲከር ነው። አዎ፣ ስቲከሩም «ፍሬ» ተብሎ ተቆጥሯል። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ፍሬ ነው?» አትበሉት፤ «ጊሩ ብቻ ስንት ነው? በስንት መጠን?» በሉት። ሁሉም ጊር እኩል ከሆነ ሁሉም በእኩል ፍጥነት ነው የሚዞረው፤ ልጁም ቶሎ ይሰለቸዋል። ባለ 24 ጥርሱ አንዴ ሲዞር ባለ 8 ጥርሱ ሦስቴ ሲዞር ማየት ነው የዚህ ጨዋታ ጣዕሙ።

ከቁጥሩ የባሰው ግን አለመዞሩ ነው። ሁለት ጊሮች በደንብ የሚያያዙት የሰሌዳው ቀዳዳዎች በትክክለኛ ርቀት ከተበሱ ነው። ከተቀራረቡ ይጣበቃሉ፤ ከተራራቁ ጥርስ ይዘላሉ። የኛው ሰሌዳ ደግሞ መሃሉ ጎብጧል። ስለዚህ መሃል ያለው ጊር ከፍ፣ ዳር ያለው ዝቅ ይላል፤ ጥርሳቸው የሚነካካው በግማሽ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የጊሩ ቀዳዳ ከዘንጉ ስለሚሰፋ ይንገዳገዳል። ልጁ መያዣውን ሲያዞር ሁለቱ ይዞራሉ፤ ሦስተኛው ቀጭ ቀጭ ይልና ይቆማል። ልጁ «እኔ ነኝ እንዴ ያበላሸሁት?» አለ። እኔን ያናደደኝ ከብሩ ይልቅ ይሄ ነው።

እኅቴ ለሻጩ ቪዲዮ ቀርጻ ላከችለት። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም እህት» አላት፤ ከዚያ ወዲያ መልስ የለም።

ስለዚህ ዕቃው እጃችሁ ሲገባ የሚከፈል ካልሆነ ተዉት። ያመጣው ልጅ በር ላይ እያለ አስከፍቱና አምስት ጊር በአንድ መስመር ትከሉ። የመጀመሪያውን በአንድ ጣት አዙሩት። አምስተኛው ሳይንቀጫቀጭ፣ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ አቅጣጫ መዞር አለበት። ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ጥጉን ጫን አድርጉት፤ ከተወዛወዘ ጎብጧል ማለት ነው።

ሻጩን ያለ ጥፋቱ እንዳትወቅሱት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሦስት ጊሮች በሦስት ማዕዘን ተነካክተው ከተተከሉ የትኛውም ምርጥ ዕቃ አይዞርም። የሚነካኩ ጊሮች የግድ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚዞሩት፤ ሦስተኛው ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ተቃራኒ ሊሆን አይችልም። አራት ቢሆኑ ይዞራሉ። ሰልፉ እየረዘመ ሲሄድ ለጣት መክበዱም ያለ ነገር ነው።

እዚያው ቻናል ላይ ትንንሽ የማግኔት ኳሶችም «መገንቢያ» ተብለው ይሸጣሉ። እነሱን ጭራሽ ቤት አታስገቡ፣ በተለይ ታናሽ ካለ። ልጅ ሁለት ማግኔት ቢውጥ አንጀቱ ውስጥ ይሳሳቡና መሃላቸው የገባውን አንጀት ይበሱታል። ከዋጠ ደህና ቢመስልም በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው፤ «ይወጣል» ብሎ መጠበቅ የለም።

በዚያው ብር ምን ይገዛ ለምትሉኝ፣ እኔ ለሰፈር አናጢ የእንጨት ብሎክ አዝዤ ነበር፤ ይሻላል። ዋንዛ ጥሩ ነው። በደንብ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ልኩ 3.5 በ7 በ14 ሳንቲሜትር ይሁን። ውፍረቱ የወርዱ ግማሽ፣ ወርዱ የርዝመቱ ግማሽ ስለሆነ በየትኛውም ጎኑ ቢቆም ከሌላው ጋር ይገጥማል። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ቀለም አያስፈልገውም።

እዚህም የሚበላሽ ነገር አለ። አናጢው ግማሽ ብሎክ ለማውጣት 14ቱን መሃል ለመሃል ሲቆርጠው መጋዙ ጥቂት ሚሊሜትር ይበላል፤ ግማሾቹ 7 ሳይሞሉ ይቀራሉ። ልጁ በሙሉና በግማሽ ብሎክ ሁለት ምሰሶ ሠርቶ ድልድይ ሲጥል ድልድዩ ያዘማል። ግማሾቹን ለየብቻ 7 ለክቶ እንዲቆርጥ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስትረከቡም ሁለት ግማሾችን ደራርባችሁ ከአንድ ሙሉ ጎን አቁሟቸው፤ ካነሱ ሌላ እንዲቆርጥላችሁ መልሱለት።