ዙሐል ትዳር ቤት ላለባችሁ፦ ሳታስፈራራ፣ ሳታባብል የምታነብ ባለሙያ አለች

ለእህቴ ልጅ የልደት ቻርቷን፣ ማለትም ስትወለድ የነበረውን የሰማይ አቀማመጥ፣ ያነበበችላትን የኮከብ ቆጠራ ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣት። ስሟ እዚህ እንዲጻፍ ስላልፈቀደች አልጽፈውም፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። አሠራሯን ግን ዘርዝሬ ልጽፍላችሁ ነው፤ ሌላ ሰው ጋ ብትሄዱም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቁበታላችሁ።

ልጅቷ እሷ ጋ ከመሄዷ በፊት ሁለት ቦታ አስነብባ ነበር፤ ከሁለቱም ቦታ ልቧ ተሰብሮ ነው የተመለሰችው። የተወለደችው አዲስ አበባ፣ ሰኔ 13 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው (ጻፊው ብላኛለች)። የመጀመሪያው ሰው ይቺን 7 ቁጥር እንዳለች ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባት። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አድርጎ ወሰደው፤ የስድስት ሰዓት ስህተት ማለት ነው። አንድ ሰው ሲወለድ በምሥራቅ አድማስ ላይ የሚወጣው ኮከብ በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ይሄዳል፣ በሁለት ሰዓት ገደማ አንድ ሙሉ ኮከብ ያልፋል። በስድስት ሰዓት ሦስት ኮከብ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሚዛን መሆን የነበረበት ወጪ ኮከብ ሸርጣን ሆነ፣ ቻርቱ ከሚከፈልባቸው አሥራ ሁለት ቤቶች ሰባተኛው የትዳር ቤት ላይ መቀመጥ የነበረበት ዙሐል፣ ማለትም ሳተርን፣ አሥረኛው የሥራ ቤት ገባ። «ትልቅ ቦታ ደርሰሽ ተዋርደሽ ትወርጃለሽ» ተባለች። የማታውቀው ሰው ቻርት ነው የተነበበላት።

ሁለተኛው ሰዓቱን በትክክል ቀየረው፤ ያደረሰው ጉዳት ግን ከመጀመሪያው ይብሳል። «ዙሐል ሰባተኛ ቤትሽ ነው፣ ያውም ሐመል ላይ። ትዳር አልተጻፈልሽም» አላት። ከዚያ ማስፈቻ አለ ብሎ ገንዘብ ጠየቀ። ገንዘቡን ባትሰጥም ቃሉ ግን አብሯት ቤት ገባ። ሽማግሌ ልላክ ያላትን ልጅ «ምን ያደርግልሃል፣ አይሆንም» ብላ መለሰችው። ቻርቱ አይደለም የከለከላት፤ የተነገራት ቃል ነው። እንዲህ ያለ ንባብ ራሱን በራሱ እውነት ያደርጋል፣ ከዚያ አንባቢው «አላልኩሽም?» ይላል። እስካሁን ድረስ ያናድደኛል።

አሁን ወደማመሰግናት ሴት ልምጣ። ስለ ዕጣ ፈንታ አንድ ቃል ሳትናገር መጀመሪያ የያዘችው ሰዓቱን ነው። ማን ነገረሽ? የክትባት ካርድ ላይ አለ ወይስ የእናትሽ ትዝታ ነው? እናቷ ተደወለላቸው፤ «ምሳ ሲቀርብ ነበር» አሉ። እንግዲህ ይሄ 6፡40ም፣ 7፡20ም ሊሆን ይችላል። ባለሙያዋ ቻርቱን በሁለቱም ሰዓት አወጣችው። አንደኛው ወጪውን ኮከብ ሚዛን 2 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌላው ሚዛን 12 ዲግሪ አካባቢ አደረሰው፤ ዙሐል ሐመል 18 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በሁለቱም ሰባተኛው ቤት ውስጥ ይቆያል። «ከ6፡30 በፊት ተወልደሽ ቢሆን ኖሮ ወጪው ሰንቡላ ሊሆን ይችል ነበር፣ እኔም ስለ ትዳር ቤትሽ አፌን ሞልቼ አላወራም ነበር» አለቻት። ሰዓቱ ምን ያህል ቢዛነፍ ንባቡ እንደሚፈርስ አስቀድሞ የሚነግር አንባቢ እስከዚያ ቀን አላጋጠመንም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ነው ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች «እትዬ፣ እውነት ትዳር የለኝም?» አለቻት። ባለሙያዋ ወረቀቱን ወደ ልጅቷ አዞረችና ጣቷን ዙሐል ላይ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ይሄ ከባድ አቀማመጥ ነው የኔ ልጅ። ቀላል ነው ብልሽ መዋሸት ይሆንብኛል። አሁን ግን አብረን እንቁጠር። ዙሐል አንድ ኮከብ ላይ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይቀመጣል። ምድር ስለምትዞር ግን በየቀኑ አሥራ ሁለቱንም ቤቶች ይዞራል፣ እያንዳንዱ ቤት ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያል። ዛሬ እዚህ ከተማ ከሚወለዱት ሕፃናት ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ያህል ዙሐል ሰባተኛ ቤቱ ነው። ነገም እንደዚሁ። ይሄ ሁሉ ሰው ሳያገባ ይቀራል?»

ልጅቷ ዝም አለች፣ ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። ያንን ቅጽበት አልረሳውም።

እዚህ ላይ ያላቆመችው አነባበብ ስለምታውቅ ነው። አንድ አቀማመጥ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ የሚያከብዱትና የሚያቀልሉት ነገሮች አብረው ይመዘናሉ። የሚያከብዱትን አስቀደመች። ዙሐል ሐመል ላይ በድሮው ትምህርት ውድቀቱ ላይ ነው ይባላል፤ ትዕግሥተኛው ዙሐል ችኩል ኮከብ ላይ ገብቶ ማለት ነው። ዝሁራ፣ ማለትም ቬነስ፣ የፍቅርም የልጅቷ ወጪ ኮከብም ጌታ ናት፤ እሷ ደግሞ ሸርጣን 20 ዲግሪ አካባቢ ሆና ከዙሐል ጋር በ90 ዲግሪ ትጋጫለች። ይሄን አልሸፈነችውም። ከዚያ የሚያቀልሉትን አነሳች። ልጅቷ የተወለደችው በቀን ነው፤ ዙሐል የቀን ኮከብ ስለሚባል ለቀን ልደት ጭካኔው ይቀንሳል። መሽተሪ፣ ማለትም ጁፒተር፣ ደለዊ ላይ ሆኖ በ60 ዲግሪ ያግዘዋል፣ ልዩነቱም ሦስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለ ሌሎቹ ኮከቦችም ብዙ ብላለች፤ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው ግን ይሄ ነው።

ቀጥላ ይሄ ሁሉ ተደምሮ በሰው ሕይወት ውስጥ በምን በምን መልክ ሊታይ እንደሚችል ነገረቻት። አንዱ መዘግየት ነው። ሌላው በዕድሜ የሚበልጥ ወይም ብዙ ኃላፊነት የተሸከመ ባል ነው። ሦስተኛው ትዳሩ ውስጥ ሸክሙ ሁሉ አንድ ሰው ላይ መውደቁ ነው። አራተኛው ሌላው እምቢ ሳይለኝ እኔ ልቅደም ብሎ በር መዝጋት ነው። በደህናው ጎኑ ደግሞ ይኸው ዙሐል ቃሉን የሚጠብቅ፣ ሲቸገር የማይበተን ትዳር ተደርጎ ይነበባል። «የትኛው እንደሚሆን ወረቀቱ አይናገርም። የትኛውን ራስሽ ላይ እንዳየሽ አንቺ ንገሪኝ» አለቻት። ልጅቷ አራተኛውን አነሳች፤ ሽማግሌ መላክ ፈልጎ የተመለሰው ልጅ ጉዳይ ወጣ።

ፍርድ ሳይሆን ዝንባሌ ማንበብ ማለት ይሄ ነው። «አታገቢም» የሚል ሰው ሰሚውን ምንም የሚያደርገው ነገር ያሳጣዋል። «አይዞሽ፣ በዓመቱ ታገቢያለሽ» የሚለውም እኮ ያው ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ አንናደድበትም። እሷ የተናገረችው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን «ከሆነ» ነበረበት። ገና በሁለት ወር ቁርጡን ካልነገርሽኝ የሚል ሰው ቢመጣ ትጨነቂያለሽ፤ ስትጨነቂ ትዘጊያለሽ፤ ስለዚህ ጊዜ እንደምትፈልጊ አስቀድመሽ ንገሪው አለቻት። ልጅቷ ይሄን ሞክራ ልክ መሆን አለመሆኑን ራሷ ታየዋለች። «አልተጻፈልሽም» ለሚለው ግን ምን ዓይነት ሙከራ ይደረግለታል?

ስለ ጊዜውም አልዋሸቻትም። ዙሐል በ29 ዓመት ተኩል ገደማ ዞሮ ወደነበረበት ይመለሳል። ከየካቲት 2018 ጀምሮ ሐመል ውስጥ ነው፣ እስከ ሚያዝያ 2020 ገደማም እዚያው ይቆያል፤ ልጅቷ 29 እና 30 የምትሞላበት ጊዜ ነው። «በዚህ ጊዜ የትዳር ጥያቄ ሊከብድሽ ይችላል፤ ከከበደሽ ለማን ኃላፊነት እንደምትወስጂ ትመርጫለሽ» አለቻት። ታገቢያለሽ ወይም ትለያያለሽ አላለችም። ቀን አልቆረጠችም።

ገና ከመጀመሯ በፊት የተናገረችውን ደግሞ ልጨምር፣ ምክንያቱም እንዲህ የሚል አንባቢ ብርቅ ነው። ኮከብ ቆጠራ በሳይንስ የተረጋገጠ ነገር አይደለም አለች። በ1985 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት በወጣ ፈተና፣ ኮከብ አንባቢዎች ቻርትን ከባለቤቱ የጠባይ መግለጫ ጋር ማዛመድ ከግምት የተሻለ እንዳልሆነላቸው ነገረችን። «ይሄን እያወቅሽ ስሚኝ» አለቻት። የሙያው ትልቅ አባት የሚባለው የእስክንድርያው ቶለሚም በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁሉ ነገር ከሰማይ በማይሻር ትእዛዝ የሚመጣ አይደለም ብሎ ጽፏል፤ አንድ ዓይነት የልደት ሰማይ ያላቸው ሰዎች በአገራቸውና በአስተዳደጋቸው እንደሚለያዩም። እንግዲህ «ተጽፎብሻል» የሚሉት ሰዎች የሙያው አባት ያላለውን ነው የሚሉት።

ስለ ሞት፣ ስለ ልጅ መውለድና አለመውለድ፣ ስለ በሽታ ብትጠይቋት አትመልስም፤ ሐኪም ጋ ሂዱ ትላለች። ማስፈቻ፣ ክታብ፣ ቀለበት አትሸጥም። የስምና የእናት ስም ፊደል ቆጥሮ በ12 የሚገደፈውን የአገራችንን ኮከብም ከልደት ቻርት ጋር አትቀላቅልም፤ ያኛው የልደት ሰዓት አይጠይቅም፣ ሁለቱን ማደባለቅ ሰውን ግራ ማጋባት ነው ትላለች።

እባካችሁ፣ እንደ እህቴ ልጅ አስፈሪ ቃል ይዛችሁ የምትኖሩ ካላችሁ ወደ እሷ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ስትሄዱ የልደት ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ስጧት፣ ራሳችሁ አትቀይሩት። ሰዓቱን ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት መሆኑን ጨምራችሁ ንገሯት፤ ሌሊት ከሆነ የየትኛው ቀን ንጋት ዋዜማ እንደሆነ ቤተሰብ ጠይቁ፣ እዚያ ላይ የአንድ ቀን ስህተት ይገባልና፤ በአንድ ቀን ደግሞ ጨረቃ 13 ዲግሪ ያህል ትሄዳለች። ሰሜን አውሮፓ የተወለደ ልጅ ካላችሁ ከተማውን በትክክል ስጡ፤ እዚያ አንዳንዱ ኮከብ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል፣ ሌላው ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ሰዓቱን ጨርሶ የማታውቁ ከሆነም አትዋሹ። ያኔ ቤቶቹን ትታ ኮከቦቹን ብቻ ታነብላችኋለች፣ ክፍያውንም ትቀንሳለች።